በ1 ሳንቲም የተሸጠው አክሲዮን፦ የሜይ 6 ቀን 2010 ከሰዓት በኋላ

አክሴንቸር ትልቅ አማካሪ ኩባንያ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን፣ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 28 ቀን 2002፣ ኒው ዮርክ ውስጥ አንዱ አክሲዮኑ 40 ዶላር አካባቢ ይሸጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በ1 ሳንቲም ተሸጠ። አንድ ሳንቲም! ገበያው ሲዘጋ ደግሞ ተመልሶ 41 ዶላር አካባቢ ነበር። ኩባንያው በዚያ ቀን ምንም አልሆነም። አልከሰረም፣ ሥራ አስኪያጁ አልለቀቀም፣ ስለ እሱ የወጣ ዜና አልነበረም።

ይህን ቀን ደጋግሜ የማነሳው ስለ አክሲዮን ዋጋ ሲወራ ብዙ ሰው አንድ ነገር ስለሚያምታታ ነው። ዋጋው ኩባንያው ውስጥ የተቀመጠ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሚተምነው ነገር ይመስለናል። አይደለም። ስክሪን ላይ የምታዩት ቁጥር መጨረሻ ላይ አንድ ገዢና አንድ ሻጭ የተገናኙበት ዋጋ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። የሚቀጥለው ግንኙነት የት እንደሚሆን የሚወስነው በዚያች ቅጽበት ወረፋ ላይ የቆመው ማን ነው የሚለው ነው። ወረፋው ባዶ ከሆነ 1 ሳንቲምም "ዋጋ" ይሆናል።

(ሰዓቱን የምጽፈው በኒው ዮርክ የቀን ሰዓት፣ ግን በኛ አቆጣጠር ነው። 8:32 ስል እነሱ 2:32 የሚሉት ነው።)

መጀመሪያ ወረፋውን እንየው። እያንዳንዱ አክሲዮን ገበያው ኮምፒውተር ውስጥ የራሱ የትዕዛዝ መዝገብ አለው። በአንድ በኩል ገዢዎች ይሰለፋሉ፣ በሌላ በኩል ሻጮች። ገዢ "በዚህ ዋጋ ወይም ከዚያ ባነሰ እገዛለሁ" ብሎ ይጽፋል፣ ሻጭ "በዚህ ወይም ከዚያ በላይ እሸጣለሁ" ይላል። እንዲህ ዋጋ ተቆርጦለት የሚገባ ትዕዛዝ ሊሚት ኦርደር ይባላል። ከገዢዎች ከፍተኛ ዋጋ የሰጠው ፊት ይቆማል፣ ከሻጮች ደግሞ ዝቅተኛ የጠየቀው። ሁለት ሰዎች እኩል ዋጋ ከሰጡ ቀድሞ የደረሰው ይቀድማል። ሕጉ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ዋጋ፣ ቀጥሎ ሰዓት። ትልቅ ባንክ ሁን ትንሽ ቆጣቢ፣ ኮምፒውተሩ አያይህም።

ቁጥር ካልገባበት አይጨበጥም፣ ስለዚህ የራሴን ምሳሌ ልስጥ። ገዢዎች በኩል 400 አክሲዮን በ40.00 ዶላር፣ 200 በ39.99፣ 600 በ39.98 የሚፈልጉ ተሰልፈዋል እንበል። ሻጮች በኩል ደግሞ ዝቅተኛው ጥያቄ 40.01 ነው። በዚህ ሰዓት ምንም ግብይት የለም፤ በመካከላቸው የ1 ሳንቲም ክፍተት አለ፣ ሁሉም ይጠብቃል። አሁን አንድ ሰው "1,000 አክሲዮን ሽጥልኝ፣ ዋጋው የፈለገው ይሁን" ብሎ ላከ። ይህ ማርኬት ኦርደር ነው። ኮምፒውተሩ 400ውን በ40.00፣ 200ውን በ39.99፣ የቀረውን 400 በ39.98 ያገናኛል። አለቀ። ስክሪኑ 39.98 ያሳያል። ዋጋው 2 ሳንቲም ወረደ፣ ስለ ኩባንያው ግን ማንም አዲስ ነገር አላወቀም። የመጣው ሻጭ ፊት ለፊት ከነበረው ወረፋ በለጠ፣ በቃ።

ዋጋው በየሰከንዱ የሚንቀሳቀስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላኛውን ብዙ ሰው አያየውም። በወረፋው ላይ የሚቆሙት አብዛኞቹ አክሲዮኑን ለዓመታት ሊይዙት የፈለጉ ሰዎች አይደሉም። በሁለቱም በኩል የቆሙ፣ በ40.00 ገዝተው በ40.01 ሊሸጡ የሚፈልጉ ነጋዴዎች ናቸው፤ ማርኬት ሜከር ይባላሉ። ሥራቸው በኮምፒውተር ስለሆነ ትዕዛዛቸውን በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያነሳሉ፣ ይተካሉ። ቺካጎ ላይ አንድ ነገር በትንሹ ከወረደ ኒው ዮርክ ላይ የሰጡትን የመግዣ ዋጋ ወዲያው ዝቅ ያደርጋሉ፣ አለበለዚያ ሌላ ፈጣን ሰው በአሮጌ ዋጋ ይሸጥባቸዋል። ስለዚህ አንድም አክሲዮን ሳይሸጥ ወረፋው ሊለዋወጥ ይችላል። በገዛ ፈቃዱ የቆመ ሰው ደግሞ በገዛ ፈቃዱ ይሄዳል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፣ ሁሉም ነገር የሚዞረው እሷ ላይ ነው።

ያ ሐሙስ ሲጀምርም ደስ የሚል ቀን አልነበረም። ግሪክ ዕዳዋን መክፈል ያቅታታል የሚል ፍርሃት ነበር፤ ገበያው ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ ነው የዋለው። እዚህ ላይ ኢ-ሚኒ የሚባለውን ማወቅ ያስፈልጋል። የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን መለኪያ፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500ን፣ ተከትሎ የሚሄድ ውል ነው፣ የሚሸጠውም ቺካጎ ነው። አንድ ሰው መላውን ገበያ በአንድ ጊዜ መሸጥ ቢፈልግ 500 አክሲዮን አንድ በአንድ ከሚሸጥ ኢ-ሚኒ ይሸጣል። የሁለቱ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች፣ የኤስኢሲ እና የሲኤፍቲሲ፣ የጋራ ሪፖርት እንደሚለው ጠዋት ላይ በኢ-ሚኒ መዝገብ የገዢዎች በኩል ተሰልፎ የነበረው 6 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። ከቀኑ 8:30 ላይ 2.65 ቢሊዮን ብቻ ቀርቶ ነበር። ዋጋው ገና አልተናደም፣ ከሥሩ ያለው ወረፋ ግን ከግማሽ በታች ሆኗል። ስክሪን ላይ ዋጋ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያውቅም።

8:32 ላይ አንድ ትልቅ የኢንቨስትመንት ድርጅት 75,000 የኢ-ሚኒ ውል ለመሸጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም አስጀመረ። ዋጋው 4.1 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ትልቅ ሻጭ ሁሉንም በአንዴ አይጥልም፣ ከላይ ባየነው ምሳሌ ወረፋውን በልቶ ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ ከፋፍሎ ነው የሚሸጠው። የዚህ ፕሮግራም መመሪያ አንድ ነበር፦ ባለፈው አንድ ደቂቃ ገበያው ውስጥ ከተገበያየው መጠን 9 በመቶውን ሽጥ። ስለ ዋጋ ምንም አልተባለም። ስለ ሰዓትም ምንም አልተባለም።

ብልህ ይመስላል አይደል? ግብይት ሲበዛ ገበያው ብዙ መሸከም ይችላል፣ እኛም እንጨምር፤ ሲቀንስ እንቀንስ። ስህተቱ ያለው ግን እዚሁ ነው። የተገበያየው መጠንና ወረፋ ላይ የቆመው መጠን አንድ አይደሉም። መርካቶ ውስጥ አንድ ኩንታል ጤፍ አሥር ነጋዴዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ቢቀባበሉት የአሥር ኩንታል ሽያጭ ይመዘገባል፣ የሚበላው ሰው ግን ገና አልመጣም። ቺካጎ ላይ የሆነው ልክ ይህ ነው።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ የሚሸጠውን የገዙት በከፍተኛ ፍጥነት የሚነግዱ ድርጅቶች ነበሩ። እነሱ ዕቃ ይዘው መቆየት አይፈልጉም፣ ጥቂት ሺህ ውል ሲከማችባቸው መልሰው ይሸጣሉ። ከ8:41 እስከ 8:44 ባለው ጊዜ እነሱም መሸጥ ጀመሩ፤ ዋጋው በእነዚያ ደቂቃዎች 3 በመቶ ወረደ። አንዱ ለሌላው ይሸጣል፣ ያኛው ለሌላ። ግብይቱ በዛ። ፕሮግራሙ የበዛውን ግብይት አይቶ ይበልጥ ሸጠ። በ13 ደቂቃ ውስጥ 35,000 ውል ሸጧል። እንዲህ ያለ መጠን ያለው ሽያጭ ከዚያ በፊት፣ ዋጋንና ሰዓትን እያዩ ሲሸጡ፣ ከ5 ሰዓት በላይ ፈጅቶ ነበር፤ የዚህኛው 75,000 ግን በ20 ደቂቃ ገደማ አልቋል።

ከ8:45:13 እስከ 8:45:27 ያሉትን 14 ሰከንዶች ተመልከቱ። በዚያች ጊዜ ፈጣኖቹ ነጋዴዎች ከ27,000 በላይ ውል ተገበያዩ፣ ከጠቅላላው ግብይት ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ሲደመርና ሲቀነስ ግን ገዝተው የያዙት 200 ገደማ ብቻ ነው። 27,000 ጊዜ እጅ የተለዋወጠ፣ 200 የተያዘ! የሚያስፈራው ቁጥር ይህ ነው። በመዝገቡ የገዢዎች በኩል በዚያ ሰዓት የቀረው 58 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። ጠዋት ከነበረው 6 ቢሊዮን አንጻር ከ1 በመቶ ያነሰ ነው።

ከዚያ ምን አዳነው? 5 ሰከንድ። በ8:45:28 የቺካጎው ገበያ ኮምፒውተር በራሱ ግብይቱን አቆመ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ የሚቀጥለው ግንኙነት ዋጋውን ከተወሰነ ልክ በላይ የሚያወርደው ከሆነ ለ5 ሰከንድ ያዘው፣ ትዕዛዝ ይግባ እንጂ አይገናኝ። በእነዚያ 5 ሰከንዶች ሻጮች ቀነሱ፣ ገዢዎች መጡ፣ ሲከፈት ዋጋው ቆመና ወደ ላይ ወጣ። ለሰው 5 ሰከንድ እስትንፋስ ለመሳብም ትንሽ ናት፤ ለወረፋው ግን እንደገና ለመሰለፍ በቂ ጊዜ ሆነች።

ኒው ዮርክ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ቺካጎና ኒው ዮርክ የተያያዙ ናቸው። ኢ-ሚኒ ሲረክስ ቺካጎ ላይ ገዝተው ኒው ዮርክ ላይ አክሲዮን የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ፣ ልዩነቷን ለመብላት። በዚህ መንገድ የቺካጎው ውድቀት በሰከንዶች ውስጥ ወደ እያንዳንዱ አክሲዮን ይተላለፋል። አክሲዮኖቹ ላይ የቆሙት ማርኬት ሜከሮች ዋጋው እንዲህ ሲዘል ኮምፒውተራቸው ራሱ ያቆማቸዋል። "የደረሰኝ መረጃ ልክ ነው? ያደረግሁት ግብይት በኋላ ይሰረዝብኛል? ከምችለው በላይ ይዣለሁ?" የሚያስብሉ ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ክፍተቱን አሰፉ፣ አንዳንዶቹ መጠናቸውን ቀነሱ፣ አንዳንዶቹ ጨርሰው ወጡ። አልፈርድባቸውም፣ እነሱም ገንዘባቸው ነው። ውጤቱ ግን ወረፋው ባዶ መሆኑ ነው።

በዚያ ላይ የኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ፣ ያ ዎል ስትሪት ላይ ያለው ትልቁ፣ ዋጋ በፍጥነት ሲወርድ የኮምፒውተሩን ፍጥነት ቀንሶ ለሰው ጊዜ የሚሰጥ አሠራር ነበረው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን አንድ አክሲዮን በአሜሪካ የሚሸጠው በአንድ ገበያ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ገበያዎች እኩል ይሸጣል። አንዱ ሲቆም ትዕዛዙ ወረፋቸው ይበልጥ ወደሳሳ ወደ ሌሎቹ ሄደ። ቺካጎ ላይ የሠራው ማቆሚያ ኒው ዮርክ ላይ ያልሠራው ለዚህ ነው፦ ኢ-ሚኒ አንድ ገበያ ብቻ ነው ያለው፣ ሲቆም ሁሉም ይቆማል።

አሁን ወደ 1 ሳንቲሙ እንመለስ። 1 ሳንቲም የሚሰጥ ገዢ ከየት መጣ? ማርኬት ሜከሮች ሁልጊዜ በሁለቱም በኩል ዋጋ የማስቀመጥ ግዴታ ነበረባቸው፤ ከገበያው ዋጋ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ግን ሕጉ በትክክል አልገደበም። ስለዚህ መነገድ የማይፈልግ ነጋዴ ግዴታውን ለማሟላት ብቻ "በ1 ሳንቲም እገዛለሁ፣ በ100,000 ዶላር እሸጣለሁ" ብሎ ያስቀምጥ ነበር። ማንም እዚያ ይደርሳል ብሎ አላሰበም፤ የወረፋው የመጨረሻ ጥግ ነበር። ያን ቀን ግን በመካከል የነበሩት ሁሉ ሄዱ። "ዋጋው የፈለገው ይሁን፣ ሽጥ" የሚል ትዕዛዝ መጣ። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን አደረገ፦ ከቀሩት ገዢዎች ከፍተኛውን ፈለገ፣ አገኘ፣ አገናኘ። 1 ሳንቲም። በሌላው በኩል ደግሞ አፕልና ሶዝቢ ወደ 100,000 ዶላር ተሸጡ፣ በተመሳሳይ ምክንያት፣ በተገላቢጦሽ። በመላው ገበያ ከ300 በሚበልጡ አክሲዮኖችና መሰሎቻቸው ላይ ከ20,000 በላይ ግብይቶች 8:40 ላይ ከነበረው ዋጋ ከ60 በመቶ በላይ በራቀ ዋጋ ተፈጽመዋል። ታዋቂው ዳው ጆንስ መለኪያ ወደ 1,000 ነጥብ ገደማ ወርዶ ነበር፤ 9 ሰዓት ላይ አብዛኛው አገግሟል።

እኔን የሚያናድደኝ ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። ብዙ ተራ ቆጣቢዎች፣ በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም የሚጠቀሙበት፣ ስቶፕ ሎስ የሚባል ትዕዛዝ አለ። "40 ዶላር የገዛሁት 36 ከደረሰ ሽጥልኝ፣ ከዚያ በላይ እንዳልከስር" ይላሉ። መከላከያ ይመስላል። ግን ዋጋው 36 ሲነካ ትዕዛዙ ወደ ማርኬት ኦርደር ይቀየራል፣ ማለትም "የፈለገው ይሁን" ወደሚለው። 36 የሽያጭ ዋጋ አይደለም፣ መቀስቀሻ ብቻ ነው። ወረፋው ላይ የሚቀጥለው ገዢ 25 ላይ ከቆመ በ25 ይሸጥልሃል። ያን ቀን ለመከላከያ የተቀመጡ ትዕዛዞች ራሳቸው ሻጭ ሆነው ዋጋውን ይበልጥ ገፉት።

ማታ ላይ ገበያዎቹ ተስማምተው ግልጽ ስህተት ያሏቸውን ግብይቶች ሰረዙ። መስፈርቱ ግን 60 በመቶና ከዚያ በላይ የራቀ የሚል ነበር። ስለዚህ 40 ዶላር የነበረውን በ1 ሳንቲም የሸጠ ሰው አክሲዮኑ ተመለሰለት። ያንኑ በ25 ዶላር የሸጠ ግን አልተመለሰለትም፤ 38 በመቶ ገደማ ነው የራቀው። ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ከ60 ዶላር በላይ ከነበረበት 39 ዶላር ገደማ ወርዶ ነበር፣ እዚያ ላይ የሸጠም ሽያጩ ጸና። ከሁሉም ያነሰው ዳነ፣ መካከለኛው ተጎዳ።

ጥፋተኛው ማነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ተቆጣጣሪዎቹ በሴፕቴምበር 2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ያወጡት ሪፖርት ትኩረቱን በዚያ የሽያጭ ፕሮግራምና በተከተለው የወረፋ መጥፋት ላይ አደረገ። በ2015 ደግሞ የአሜሪካ አቃቤ ሕግ ናቪንደር ሳራኦ የተባለ ለንደን አጠገብ ከወላጆቹ ቤት ሆኖ የሚነግድ ሰው ከሰሰ። በዚያ ቀን ትልልቅ የኢ-ሚኒ መሸጫ ትዕዛዞች ከዋጋው ትንሽ ራቅ አድርጎ እያስቀመጠ፣ ሳይነኩ እያነሳ፣ ብዙ ሻጭ ያለ አስመስሎ ነበር። በ2016 ጥፋተኛነቱን አመነ። ውድቀቱን እሱ ብቻውን አመጣው የሚለውን ግን ብዙ ባለሙያዎች አይቀበሉም፣ እኔም አልቀበልም። የሱ ትዕዛዞች የሳሳ ወረፋን ይበልጥ አስፈሪ ሊያስመስሉ ይችላሉ፤ ወረፋውን ያሳሳው ግን ከጠዋት ጀምሮ የነበረው ፍርሃት ነው።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ተቀየረ። በጁን 2010 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ አክሲዮን በ5 ደቂቃ ውስጥ 10 በመቶ ከተንቀሳቀሰ በሁሉም ገበያዎች በአንድ ጊዜ ለ5 ደቂቃ እንዲቆም ተደረገ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የ1 ሳንቲምና የ100,000 ዶላር ዓይነት ዋጋ ማስቀመጥ ተከለከለ። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ አክሲዮን በቅርቡ ከነበረው ዋጋ ዙሪያ ወለልና ጣሪያ አለው፣ ከዚያ ውጪ ግንኙነት አይፈጸምም።

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ላይም ጉዳዩ የሩቅ ስላልሆነ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፣ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። እዚያ ኮምፒውተሮች በሺህ ለሺህ አይሯሯጡም፤ በአዲስ ገበያ ግን በአንድ አክሲዮን ላይ የሚሰለፈው ሰው ጥቂት መሆኑ አይቀርም። ወረፋ ላይ 50 አክሲዮን የሚፈልግ አንድ ገዢ ብቻ ካለ፣ 500 የሚሸጥ ሰው ሲመጣ ዋጋው ይወርዳል፣ ባንኩ ግን ያው ባንክ ነው። ስለዚህ ዋጋ ወረደ ወይም ወጣ ሲባል ከቁጥሩ ቀጥሎ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ስንት አክሲዮን ነው የተሸጠው? ከፍተኛው ገዢና ዝቅተኛው ሻጭ ምን ያህል ተራርቀዋል? ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ፣ የተሸጠውም ትንሽ ከሆነ፣ ያ ዋጋ የሁለት ሰዎች ስምምነት ነው።

ስትሸጡ ደግሞ ዋጋ ቁረጡ። ሊሚት ኦርደር 36 ካለ ከ36 በታች አይሸጥም፤ ገዢ ካልመጣ አክሲዮኑ እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ ጉዳቱ ይኸው ነው። በእርግጥ መሸጥ ያለበት ሰው ያን ቀን ሊሚት አስቀምጦ ሳይሸጥ ሊውል ይችል ነበር። አክሴንቸርን ይዞ ሳይሸጥ የዋለ ሰው ግን ማታ ስክሪኑን ሲያይ ያገኘው 41 ዶላር ነው።